ተዙሮ የተገኘው መልስ

ሃያ ሦስት ዓመት ካልኩለስ ሲያስተምር ተማሪዎች ያወጡለት ስም «አባ ድንበር» ነበር። አንድ ነገር ሳይሰለቸው ይደጋግማል፤ ድንበሩን ዞራችሁ የምትሰበስቡት፣ በውስጡ ያለውን ሽክርክሪት ሁሉ ብትደምሩ ከምታገኙት ጋር እኩል ነው ይላል። የግሪን ቲዎረም የሚባለው ሕግ ነው። በዝግ መስመር ላይ መዞር ሲከብድ ወደ ውስጥ ገብቶ ስፋቱን ሁሉ በድርብ ኢንተግራል መደመር። ጠመኔ ይዞ ክቡን ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ሲያዞር ፊቱ ይፈካል። ሚስቱ፣ ይኼ ሰውዬ እኔን ያገባኝ ጥቁር ሰሌዳ አላገባ ስላለው ነው እያለች ትስቅበታለች።

በፈተና አወጣጥም የራሱ ዘዴ ነበረው። የድሮ ፈተናዎች ከተማሪ ወደ ተማሪ ስለሚተላለፉ፣ ጥያቄውን ሳይነካ የሚዞረውን መስመር ብቻ ይለዋውጣል። ሸምድዶ የመጣ ይያዛል፤ ለእሱም አዲስ ጥያቄ የማሰብ ድካም ይቀርለታል።

ውጤት በተለጠፈ ማግስት አንዲት ተማሪ ቢሮው መጣች። በአራት ነጥብ ወድቃለች። ኮርሱን ስትወድቅ ሁለተኛዋ ስለሆነ ከትምህርት ገበታዋ ትሰናበታለች፤ የቅሬታ ማቅረቢያውም በዚያው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። የለመነችው ስድስተኛውን፣ በክብ ዙሪያ የመደመሩን ጥያቄ እንዲያይላት ብቻ ነው። እሱም ወረቀቷን ከክምሩ ሳያወጣ፣ መልሱ ዜሮ መሆኑን፣ በቲዎረሙ ብትሠራው በሁለት መስመር ታገኘው እንደነበር በትዕግሥት አስረዳት።

«ቲዎረሙ ጠፋብኝ መምህር» አለች። «ምን ላድርግ፣ ክቡን በእግሬ ዞርኩት።»

ፈገግ ብሎ ወረቀቷን አወጣ። ስህተቷን አሳይቶ ሊሸኛት ነበር። ክቡ ማዕከሉ መነሻው ነጥብ ላይ ነው፣ ራዲየሱ ሁለት። ኤክስና ዋይን በኮሳይንና በሳይን ተክታለች። ላይ አራት ጊዜ የሳይን ካሬና የኮሳይን ካሬ ድምር፣ ታች አራት። ተጠፋፍተው አንድ ይቀራል። አንድን ከዜሮ እስከ ሁለት ፓይ ስትደምር ሁለት ፓይ። ስህተት ፈለገ፤ አጣ። እርሳስ አንስቶ ራሱ ሠራው። ሁለት ፓይ።

ያን ጊዜ ነው ጥያቄውን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ተማሪ ያነበበው። ከታች ያለው አካፋይ የኤክስ ካሬና የዋይ ካሬ ድምር ነው፤ መነሻው ነጥብ ላይ ዜሮ ይሆናል። በዜሮ አይካፈልምና ክቡ መሀል አንዲት ነጥብ ላይ የሚደመረው መስክ የለም። ቲዎረሙ ደግሞ መስኩ በውስጡ ባለው ቦታ ሁሉ ደህና እንዲሆን ይጠይቃል። ጥያቄውን መጀመሪያ ሲያወጣው የክቡ ማዕከል ሦስት ላይ፣ ራዲየሱ አንድ ነበር፤ ነጥቧ ውጭ ስለነበረች ዜሮው ልክ ነበር። እሱ ክቡን አንስቶ ነጥቧ ላይ አስቀመጠው፣ የመልሱን ወረቀት ግን ባለበት ተወው።

ቆማ ለነበረችው ልጅ ወንበር ሳበላት። ዜሮ ብለው ሙሉ ነጥብ ያገኙት እሱን ያመኑት ነበሩ።

ከዚያ ይበልጥ የከፋው ትዝ አለው። ይህን ክብ ከሁለት ዓመት በፊትም ተጠቅሞበታል። አንድ ረጅም ልጅ ይህንኑ ሁለት ፓይ ይዞ እዚሁ ቢሮ መጥቶ ነበር።

«ስትዞር ውለህ መና ቀረህ፣ ልጄ» ብሎት ነበር። ልጁም ለአክብሮት አብሮት ሳቀ። በቀጣዩ ሴሚስተር ክፍል ውስጥ አላየውም፤ የት ደረሰ ብሎም አልጠየቀም። አሁን ያ ሳቅ ጆሮው ላይ ቀረ።

ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ሬጅስትራር ቢሮ መስኮት ፊት ቆሞ የውጤት ማስተካከያ ቅጽ ሞላ። ልጅቷ በሩ ላይ ትጠብቃለች። ምክንያት በሚለው ቦታ «የመምህሩ ስህተት» ብሎ ጻፈ። ሬጅስትራሯ ለዓመታት የምታውቀው ሴት ናት፤ አነበበችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ጋሼ፣ የነጥብ ድምር ስህተት ቢሉት አይሻልም? ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጽፈው። ይኼ ኮሚቴ ፊት ያስቀርብዎታል።»

«ድምሩማ ልክ ነው። የራሴን ጥያቄ ያላነበብኩት እኔ ነኝ።»

ማኅተም መታችበት። ልጅቷ ቅጂዋን ተቀብላ፣ ማመስገን ይሁን ማልቀስ ያለባት ሳይገባት በደረጃው ወረደች። እሱ ግን ከመስኮቱ አልተንቀሳቀሰም። ከሁለት ዓመት በፊት በዚህ ኮርስ የተሰናበቱትን ተማሪዎች ዝርዝር እንድታወጣለት ሬጅስትራሯን ጠየቀ። የቅሬታ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል፣ ማንም አይቀበልዎትም አለችው።

«አውቃለሁ» አለ። «ስንት ቅጽ አለሽ?»