የፎቶው ካኪ

ባሌ አብዱልሰላም ጉለሌ ውስጥ ጨርቅ ይሸጥ ነበር። ቁጡ ነው። ደንበኛ «ይሄ ፖፕሊን ነው» ካለው «ቴትሮን ነው፣ ዓይን የለህም?» ብሎ ይጮህበታል። ስንቴ «አፍህን ያዝ» አልኩት፣ ሰምቶኝ አያውቅም!

በቀይ ሽብር ጊዜ የቀበሌያችን ካድሬ ተገደለ። ገዳዩ የሽቦ አጥር ሲዘል ልብሱ ተቀዶ ቁራጩ ሽቦው ላይ ቀረ። ቁራጩ ወደ በላይ አካል ሄደ፤ ቀበሌው የያዘው ከቅርብ የተነሳ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ብቻ ነበር። ጋቢው የተቀደደውን የቀጨኔ ሸማኔ፣ ባጫን፣ አሰሩት። ባሌንም «ፎቶው ጋቢ መሆኑን መስክር» ብለው ጠሩት። እኔም ተከትዬ ገባሁ።

ባጫን ወፌ ላላ ገርፈውታል፤ የውስጥ እግሩ ተልጦ ደም ያዣል። ሊቀመንበሩ ዱጉማ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

«ጋቢ ነው አይደል?»

አብዱልሰላም ጎንበስ ብሎ አየ። «አይደለም፣ ጓድ ሊቀመንበር። ጋቢ ክሩ አንድ ከላይ አንድ ከታች ነው የሚሄደው፤ ማጉም የእጅ ፈትል ስለሆነ እዚህ ይወፍራል፣ እዚያ ይቀጥናል። ይሄ ክሩ ሁሉ እኩል ነው። ሁለት ክር ይዘላል፣ በየረድፉ አንድ ክር ወደ ጎን ይገፋል፤ ሰያፍ መስመሩ ይታይዎታል? ጂንስ እንዳልል ነጭ ማግ ብቅ ብቅ ባለ ነበር። የፋብሪካ ካኪ ነው።»

ዱጉማ በሰደፍ ደረቱን አለው። ወደቀ። «እንደገና እይ!»

«ካኪ ነው!»

ሁለተኛው ሰደፍ ጥርሱን አረገፈው። «ኧረ በአላህ፣ ጋቢ ነው በል!» ብዬ ጮህኩ። እሱ ደም ተፍቶ ተነሳ፤ ያ ቁጣው መጣ።

«ካኪ የለበሰውማ የናንተው ጥበቃ ነው! አጥር የዘለለ ሰው ሱሪው ጉልበቱ ላይ ነው የሚቀደደው፤ የሱሪያቸውን ጉልበት እዩ!»

ዱጉማ ጥበቃዎቹን አሰለፈ። ከመሃላቸው የጎረቤታችን የሾዴ ልጅ ለሜሳ ጉልበቱ ላይ ተቀዶ የተሰፋ ሱሪ ለብሷል።

«እንጦጦ እንጨት ስቆርጥ ነው ጓድ፣ እናቴ ናት የሰፋችው!»

አብዱልሰላም ደነገጠ። «ቆይ፣ ቆይ! ፎቶው የጨርቁን ዓይነት እንጂ የማን እንደሆነ አይናገርም! ካኪ ስንቱ ይለብሳል!» ማን ይስማው? ለሜሳን ግቢው ውስጥ ተኩሰው ጣሉት። ተንበርክኮ ነበር። ባጫን ለቀቁት፤ እየዳኸ ወጣ።

በማግስቱ ሾዴ ሱቃችን መጣች። ዓይኗ ደርቋል። ለመግነዝ አቡጀዲ ጠየቀች። አብዱልሰላም አፉ እንዳበጠ ጥቅሉን አወረደና መቀሱን አነሳ። እጇን መቀሱ ላይ ጫነች።

«አንተ በቆረጥከው ልጄን አልገንዝም» አለችውና ወደ እኔ ዞረች። «ዘኪያ ትቁረጥልኝ።»

መቀሱን ተቀብዬ ቆረጥኩላት። ባሌ ሕይወቱን ሙሉ ያልተወውን ጩኸት ያን ቀን ተወው፤ መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ።