ረቡዕ ከመርሐ ግብሩ ሲወጣ

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ከልጆች የንባብ ክበብ ሳምንታዊ መርሐ ግብር ላይ የሥዕልን ቀን ሰረዘ፤ በዚህም አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ የገዛ እኅቷን እንድትፈራ አደረገ። በደሉ ይህ ነው። ድንገተኛ አደጋ ነበር ማለት ውሸት ነው፤ አስቀድሞ ተነግሮታልና።

የነገረችው የልጆች ክፍል ሠራተኛዋ ናት። ሲሮጡም ሲያነቡም «ቀስታ» ከማለት ስለማትቦዝን ልጆቹ «እትዬ ቀስታ» ይሏታል። ክበቡን ያቋቋመችው፣ መርሐ ግብሩንም ያወጣችው እሷ ናት። ሰኞ ንባብ ነበር፤ ትንንሾቹ ምንጣፍ ላይ፣ ትልልቆቹ ከኋላቸው ወንበር ላይ ሆነው እሷ መጽሐፉን ወደ እነሱ አዙራ ጮክ ብላ ታነባለች፤ ረዘም ያለውን ገጽ ከትልልቆቹ አንዱ ይቀበላታል። ረቡዕ ያንኑ ታሪክ ይስላሉ፤ ትንሹ ሲስል፣ አጠገቡ የተቀመጠው ትልቅ ልጅ ትንሹ የሚናገረውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ከሥዕሉ ሥር ይጽፍለታል። ዓርብ ይተውኑታል።

ረቡዕ በመካከል የገባው ለጌጥ አልነበረም። «ፈርቻለሁ» ብሎ የሚናገር ሕፃን ጥቂት ነው፤ እጁ ግን አይደብቅም። አንዱ አውሬውን ከቤት አስበልጦ ይስለዋል፤ ሌላው ወረቀቱ እስኪቀደድ በጥቁር ይፈትገዋል። እትዬ ቀስታ የዓርቡን ሚና የምታድለው ይህን አይታ ነው። የፈራው ከጓደኞቹ ጋር ነፋስ ይሆናል፤ እሱንም ካልፈለገ ተመልካች ሆኖ ያጨበጭባል። አውሬ የሚሆነውም ጭምብሉን በሁሉም ፊት ያጠልቃል።

በክበቡ ሁለት እኅትማማቾች ነበሩ። እናታቸው ከልብስ ማጠቢያ ቤት የምትመለሰው ሲመሽ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ታናሿን የምትይዘው የአሥራ ሁለት ዓመቷ ታላቅ ናት። ትንሿ ከእኅቷ ቀሚስ ስለማትላቀቅ እናታቸው «መዥገሬ» ትላታለች። ትልቅና ትንሽ የሚቀላቀልበት ክበብ ሌላ ስላልነበረ አብረው ይመጡ ነበር።

ክበቡን የሚጎበኙ እንግዶች ረቡዕ እንደሚመጡ ሲሰማ ኃላፊው ትወናው በዚያ ቀን እንዲሆን አዘዘ። ሥዕል ጠረጴዛ ከማበላሸት በቀር ለንባብ ስለማይጠቅም ለዘለቄታው ይቅር አለ። አድልዎ እንዳይባልም ሚናውን በምዝገባ ተራ ደለደለ። እኅትማማቾቹ ተከታትለው ስለተመዘገቡ አውሬው ለታላቂቱ፣ አውሬው ወደ ዋሻ የሚጎትታት ልጅ ለታናሺቱ ደረሰ።

«ጋሼ፣ ሳይስሉ ማን ምን እንደሚፈራ በምን አውቃለሁ?» አለችው እትዬ ቀስታ።

«ተረት እኮ ነው። ወረቀት ሰው ይበላል?»

«ሰኞ አውሬው ያለበት ገጽ ላይ ስንደርስ ትንሿ ዐይኗን ከድና ነበር። ሚናውን ለሌላ ልስጠው። እሱም ቢቀር ጭምብሉን እሷ እያየች ያጥልቁት።»

«አንቺ ደግሞ ልብ አውልቅ ነሽ። ድንገት ካልወጣ ምኑን ትያትር ሆነ?»

ረቡዕ ዕለት የመጻሕፍት ማከማቻው በር ዋሻ ተባለ። ታላቂቱ በጨለማው ውስጥ የካርቶን ጭምብሏን አጥልቃ ወጣችና የታናሿን እጅ ያዘች። ትንሿ «እኅቴን ጥሩልኝ» እያለች ጮኸች። እንግዶቹ ሣቁ። ታላቂቱ ደንግጣ ከጭምብሉ ሥር «እኔ ነኝ፣ መዥገሬ፣ እኔ ነኝ» አለቻት። አውሬው በእኅቷ ድምፅ ተናገረ። ከዚያ በኋላ ልጅቷ አልጮኸችም። ኃላፊው ከፊት ረድፍ ሆኖ ቀጥይ የሚል ምልክት ሰጠ፤ ታላቂቱም ጎትታ አስገባቻትና በሩ ተዘጋ። ጭብጨባው አዳራሹን ሞላው።

ልጆቹ እጅ ለመንሣት ሲሰለፉ ታላቂቱ ከማከማቻው ብቻዋን ወጣች፤ ትንሿ የለችም። የማከማቻው የጓሮ በር ለአየር ተብሎ ተከፍቶ ነበር፤ ከበሩ ማዶ አውቶቡሶች የሚበሩበት አስፋልት ነው። እትዬ ቀስታ መጀመሪያ ያየችው ያንን በር ነው። ኃላፊው እንግዶቹን ወደ ሻይ እየመራ፣ ሳይጯጯሁ ይፈልጓት ዘንድ በጆሮዋ ነገራት። አስፋልቱ ዳር ድረስ ሮጣ ደረሰች፤ የወደቀ ጫማ ፈለገች፣ ሹፌሮችን ጠየቀች፣ ከመኪና ሥር አጎንብሳ አየች። ታላቂቱ ጭምብሉን በእጇ እንደያዘች ከኋላዋ ትሮጥ ነበር።

በመጨረሻ ያገኟት እዚያው ማከማቻ ውስጥ፣ ከታችኛው መደርደሪያና ከግድግዳው መካከል ነው፤ የሹራቧን እጅጌ ነክሳ፣ ልብሷ ርሶ። ታላቂቱ እጇን ዘረጋች። ትንሿ ወደ ግድግዳው ተጣበቀች።

«እትዬ፣ እኅቴ የታለች?»

«ይቺው አጠገብሽ።»

«እሷን አይደለም» አለች፤ በሹክሹክታ፣ ታላቂቱ እንዳትሰማት።

ለእንግዶቹ የተላከው ሪፖርት ልጆቹ ሚናቸውን «በልዩ ስሜት» እንደተጫወቱ ይገልጻል። እትዬ ቀስታ የረቡዕ ሥዕል እንዲመለስ ላቀረበችው አቤቱታ የተሰጣት ምላሽ ልጅ ከእይታዋ አውጥታለች የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። ኃላፊው በቦታው አለ። ክበቡ ያለ ሥዕል ቀን ቀጥሏል፤ ሚናም በምዝገባ ተራ ይታደላል። ትንሿ ቀኑን የምትውለው እናቷ በምትሠራበት ልብስ ማጠቢያ ቤት በር ላይ ነው፤ ከእኅቷ ጋር ለብቻዋ አትቀመጥም።