ጸሎት በፀሐዩ ፀ

ሚልካ ያን ቅዳሜ እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ነበር፤ ደግሞ አይፈረድባትም። ዊንጌት ታክሲ ተራው አጠገብ ደብተርና እስክሪብቶ ትሸጣለች። እናቷ እማማ ሳቢት ጉልበታቸው ከድቷቸው፣ ቀጨኔ ባለው ግቢያቸው ከትልቁ ቤት ጓሮ ካለችው ሰርቪስ ውስጥ ብቻቸውን ይውላሉ። ሚልካ ግድግዳው ላይ ካሜራ ሰቅላ ከሱቋ ሆና በስልኳ ታያቸዋለች፣ ታናግራቸዋለች። እንጀራዋም እናቷም በዚያች ካሜራ ላይ ናቸው።

ዋይፋዩ ያለው ትልቁ ቤት ነው። የድንጋዩ ግድግዳ ሲግናሉን እየበላው ምስሉ ይቆራረጥ ጀመር፤ በኋላ ጭራሽ ጠፋ። ታናሽ ወንድሟ ኦልያድ ይህን ሲጠብቅ እንደኖረ ሰው፣ «በቃ፣ እማዬን ሸጎሌ እኔ ቤት እወስዳታለሁ» አለ። አራተኛ ፎቅ! ያን ሁሉ ደረጃ ማን ሊያወርዳቸው? ሰፈራቸው ያለው ጸሎት ቤታቸውስ?

«መጀመሪያ ሁለተኛ ራውተር እንሞክር» አለች ሚልካ፣ ሱቋን ዘግታ ግቢው ድረስ መጥታ። «የዋይፋዩን ስምና ፓስወርድ ልክ እንደ ድሮው አድርገው። ያኔ ካሜራውን ሳንነካው ራሱ ይያያዛል።»

ኦልያድ ከአሮጌው ራውተር ሽቦ ስቦ አዲሱን ሰርቪሷ በር ላይ ተከለ፤ ስሙንም ጻፈ። ካሜራው ወይ ፍንክች!

«ተበላሽቷል አልኩሽ። ዛሬውኑ እወስዳታለሁ» ብሎ ግቢው እስኪናጋ ጮኸ።

ሚልካ ደሟ ፈላ። ስልኳን አውጥታ የዋይፋዮቹን ስም ዝርዝር ብታይ፣ ወይ ጉድ! አንድ መሆን የነበረበት ስም ሁለት ሆኗል። «ጸሎት ቤት» እና «ፀሎት ቤት»።

«አንተ! ይሄ ምንድን ነው? የድሮውን እኔ በጸሎቱ ጸ ነው የጻፍኩት፤ አንተ በፀሐዩ ፀ!»

«ታዲያ ሁለቱም ጸሎት አይደል? እግዜር ይለየዋል እንዴ?»

«እግዜር አይለየውም! ካሜራው ግን ይለየዋል! ለእሱ ይሄ የማያውቀው የጎረቤት ዋይፋይ ነው። አይንህን ገልጠህ ብታይ ምን ነበረበት? በአንዲት ፊደል እናቴን ልትወስድብኝ!»

ስልኩን ከእጁ ነጥቃ ፊደሏን ራሷ አስተካከለች። ራውተሩ ጠፍቶ በራ። ዝርዝሩ ላይ አንድ ስም ብቻ ቀረ። ጥቂት ቆይቶ የካሜራው ምስል ስልኳ ላይ ብቅ አለ።

እማማ ሳቢት አልጋቸው ጫፍ ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ልብሳቸው በሻሽ ተቋጥሮ ጭናቸው ላይ ነው። ጩኸቱን ሁሉ ሰምተው፣ የሚወስዳቸውን እየጠበቁ ነበር።

«እማዬ፣ ፍቺው! የትም አትሄጂም!» አለች ሚልካ በስልኳ።

እማማ ሳቢት ወደ ካሜራው ቀና አሉ። ቋጠሮውን አልፈቱትም።

«እናንተ በፊደል ስትጣሉ፣ አንዳችሁ በሩን ከፍታችሁ 'አንቺስ ምን ትያለሽ?' ብላችሁኛል?» አሉ።