ትርሐስ እና ስድስቱ ቧንቧዎች

ሶዶ ውስጥ ሰው ማድነቅ የሚያስቸግር አይደለም። ሰርተፍኬቱ በየሳምንቱ ይታደላል፣ ጭብጨባው ነፃ ነው። እኔ ግን አላጨበጭብም። በውሃ ፕሮጀክታችን ጽሕፈት ቤት ውስጥ ሥራዬ «እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ» የሚሉ ወረቀቶችን ማዘጋጀት ነው፤ ያውም ውሃ ለሌላቸው ሰዎች። በዚህ ሥራ የቆየ ሰው ቶሎ አይደነቅም።

ትርሐስ ግን ረታችኝ።

የመጣችው ከአዲግራት ነው። መጀመሪያ የተማረችው ኬሚካል ምህንድስና ነበር፤ ሁለት ዓመት በአንድ ፋብሪካ ሽሮፕ በቧንቧ ስትነዳ ቆይታ፣ ማስተርሷን በውሃ ሠርታ ወደ እኛ ተመደበች። ከዩኒቨርሲቲው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራየች። በወሩ የወላይታን የሚያቃጥል ዳታ በርበሬ ያለ እንባ መብላት ጀመረች፤ እኛ ግን ከእሷ ጋር መከራከር ገና አልቻልንም ነበር።

ክርክሩ ሁልጊዜ ከጌታሁን ጋር ነው። ጌታሁን ከእሷ በፊት የነበረ መሐንዲስ ነው፤ የአንገት ሹራቡን በጋም አያወልቅም። ውሃ በቧንቧ ሲሄድ ከግድግዳው ጋር እየተፋተገ ከከፍታው የሚያጣው አለ። ሄድ ሎስ ይሉታል። ጌታሁን ይህን የሚያሰላው በሄዘን-ዊሊያምስ ቀመር ነው፦ ለቧንቧው ልስላሴ አንድ ቁጥር ይሰጣል፣ ለአዲስ ፕላስቲክ መቶ ሃምሳ፣ ያባዛል፣ ያካፍላል፣ አለቀ። ትርሐስ ደግሞ በዳርሲ-ዋይዝባክ ቀመር ካልሆነ ካልኩሌተር አትነካም።

«የአንተ ቀመር ለውሃ ብቻ ነው፤ ያውም ለብ ላላለና ላልቀዘቀዘ» ትለዋለች። «ሽሮፕ ብታስገባበት ምን ይልሃል?»

«እናቴ፣ እኔ ሽሮፕ አላጠጣም። ወላይታን ነው የማጠጣው።»

«ቀመርህ የምግብ አሠራር ነው እንጂ ሳይንስ አይደለም።»

«ምግቡ ይጣፍጣላ!»

ጉዳዩ የከረረው በአንዲት የዳሞት ወይዴ መንደር ምክንያት ነው። ከበዴሳ በሞተር ወጣ ብሎ፣ ምንጩ ከተጠራቀመበት ገንዳ እስከ መንደሩ ቦኖ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሜትር። ቦኖው ስድስት ቧንቧ አለው፤ ሁሉም አንድ ላይ ሲከፈቱ በሰከንድ አንድ ሊትር ተኩል ይፈልጋሉ። በገንዳውና በቧንቧዎቹ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ስድስት ሜትር ብቻ ነው። ውሃው በመንገድ የሚያጣው ከስድስት ከበለጠ፣ መንደሩ የሚጠጣው ቃል ብቻ ነው።

ትርሐስ ውስጡ ሃምሳ ሚሊሜትር የሆነ ፕላስቲክ መረጠች። ስሌቷ ያለው፦ የሚጠፋው ከአራት ሜትር ያንሳል። የመጀመሪያ ንድፏ ነበር። ጉድጓዱ ተቆፈረ፣ የቧንቧው ጥቅል ከሱቅ ወጣ፣ የውሃ ኮሚቴዋ ሰብሳቢ አሳየሽ በየቀኑ ትደውላለች፦ «ኢንጂነር፣ ውሃዋ መቼ ትመጣለች?»

«በዚህ ሳምንት፣ እማማ።»

ከዚያ ጌታሁን ሻዩን ይዞ መጣና ወረቀቷ ላይ ጎንበስ አለ።

«በእኔ ቀመር አሥራ አምስት ሜትር ከምናምን ነው የሚጠፋው።»

«አልኩህ እኮ! ቀመርህ ይሳሳታል።»

«ይሳሳታል። በአዲስ ፕላስቲክ፣ በዚህ ፍጥነት፣ ከመቶ አምስት ይሳሳት፣ አሥር ይሳሳት። አራት እጥፍ ግን አይሳሳትም፣ ልጄ።»

ቢሮው ሁሉ ከእሷ ጋር ነበር። ዳርሲ ለማንኛውም ፈሳሽ ይሠራል፣ ዘመናዊ ነው፣ በዚያ ላይ ስሙ ያምራል። እኛ አገር ክርክር በስም ነው የሚረታው። እሷም ዝም ብላ ማሸነፍ ትችል ነበር። የሚቃወማት ሻይ የያዘ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ትርሐስ ግን ተቀመጠች። «እሺ፣ የእኔ መልስ ትክክል ነው እንበል። በአንተ ቀመር ያው መልስ እንዲመጣ የልስላሴው ቁጥር ስንት መሆን አለበት?» ወደ ኋላ አሰላችው። ሦስት መቶ አሥራ አራት።

ጌታሁን ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ከፋብሪካ የወጣ በጣም ለስላሳ የተባለ ቧንቧ እንኳ መቶ ሃምሳን ብዙም አያልፍም። ሦስት መቶ አሥራ አራት የሚሆን ቧንቧ በምድር ላይ የለም።

«የሰበቃ ቁጥሬን ከመጽሐፌ ቻርት ነው ያነበብኩት» አለች ለራሷ። በዳርሲ ውስጥ ሁሉ የሚታወቅ ነው፦ ርዝመት፣ ስፋት፣ ፍጥነት። ውሃው ከግድግዳው ጋር ምን ያህል እንደሚፋተግ የምትናገረው ያቺ አንዲት የሰበቃ ቁጥር ብቻ ትገመታለች። ለግምቱ ሁለት ነገር ይበቃል፤ ውሃው ምን ያህል እንደሚተራመስ የሚናገረው የሬይኖልድስ ቁጥር፣ እዚህ ወደ ሠላሳ ስምንት ሺህ፣ እና የግድግዳው ሻካራነት ከስፋቱ አንፃር፤ ለፕላስቲክ ይህ ከምንም አይቆጠርም። ከቻርቱ ያነበበችው 0.0055 ነበር።

«ያለ ቻርት ላውጣው።» የሰበቃ ቁጥሩ የሚወጣበት ቀመር ጉደኛ ነው፤ የምትፈልገው ቁጥር በሁለቱም በኩል ተቀምጧል። ገምተህ በአንዱ በኩል ታስገባለህ፣ በሌላው የተሻለ ይወጣል፣ እሱን መልሰህ ታስገባለህ።

«የመጀመሪያውን ግምት ከየት ታመጪዋለሽ?» አልኳት።

«ከፈለግክበት። አንተ ስጠኝ።»

ላበላሽባት ፈለግሁ። «ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ» አልኩ። ጌታሁን ሻዩ ትን አለው፤ እንዲህ ያለ ቁጥር በየትኛውም ቧንቧ ታይቶ አይታወቅም።

አስገባችው። 0.0145 ወጣ። እሱን አስገባች፤ 0.0235። ቀጥሎ 0.0220። ቀጥሎ 0.0222። ከዚያ ወዲያ አልነቃነቅም አለ።

«ሌላ ስጠኝ» አለች። የማይረባ ሰጠኋት። ተወዛወዘና እዚያው ገባ፤ 0.0222። ሌላም ሰጠኋት። እዚያው።

ስንት ስብሰባ ተቀምጫለሁ! ከእውነት ጀምሮ ውሸት ላይ የሚያርፍ ሞልቷል። ከየትኛውም ውሸት ቢነሱ እውነት ላይ የሚያደርስ ነገር ግን ያን ቀን ነው ያየሁት። 

ትርሐስ ቻርቱን ከስሌቷ አጠገብ አደረገች። 0.0055 በአራት ሲባዛ 0.022። ፊቷ ተለዋወጠ። ጣቷን በቻርቱ ግራ ጥግ ላይ ወዳለችው ቀጥ ያለች መስመር ወሰደች፤ ውሃው ሳይተራመስ ቀስ ብሎ ሲፈስ የሚነበብባት ናት።

«እዚህ ሬይኖልድስ አንድ ሺህ ሲሆን ስንት ይላል?»

ጌታሁን መነጽሩን አደረገ። «0.016።»

«የእኛ የውሃዎቹ ቀመር እዚህ ስድሳ አራትን ለሬይኖልድስ ማካፈል ነው። 0.064 ማለት ነበረበት።» መጽሐፉን ዘጋችው። «ይሄ የኬሚካል መጽሐፌ ነው። የኬሚካል ሰዎች የሚጠቀሙት ፋኒንግ የሚሉትን ቁጥር ነው፤ የዳርሲ ሩብ። ስሙም ምልክቱም አንድ ነው፣ ሁለቱም ሰበቃ ይባላሉ። እኔ የእነሱን ቁጥር በእኛ ቀመር ከተትኩ።»

በትክክለኛው ቁጥር ደግማ ሠራችው። አሥራ አምስት ሜትር ከሰማንያ አምስት። የጌታሁን አሥራ አምስት ከሠላሳ ነበር። አንዱ ቀመር በልምድ ከተለካ ውሃ የተሰበሰበ፣ ሌላው ከየትኛውም ፈሳሽ ጋር የሚስማማ፤ ተለያይተው መጥተው በሃምሳ አምስት ሳንቲሜትር ልዩነት አንድ ቦታ ቆሙ። ጌታሁን ሻዩን አስቀምጦ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አደረጋቸው።

«እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አለችና ስልኳን አነሳች። ለኃላፊው አልነበረም የደወለችው።

«እማማ አሳየሽ? ጥቅሉን አትፍቱት። ጉድጓዱ ውስጥ አትክተቱት።»

«ምነው? ውሃዋ ቀረች?»

«አልቀረም። እኔ ተሳስቼ ነው። በዚያ ቧንቧ ስድስቱን ብትከፍቱ ውሃው አይበቃም፤ ከሚያስፈልጋችሁ ከግማሽ ትንሽ አለፍ ቢል ነው። ሰፋ ያለ አመጣለሁ።»

ከዚያ አሳየሽ «ከቀበርን በኋላ ብትነግሪን ኖሮ አንቺንም እንቀብርሽ ነበር!» ብላ ሳቀች፤ ቀልዱ ግማሽ ብቻ ይመስለኛል።

ውስጡ ስድሳ ስድስት ሚሊሜትር የሆነውን ስናሰላው ጌታሁን አራት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው አገኘ፣ ትርሐስ አራት ከሃያ። ከስድስቱ ሁለት ሜትር ያህል ለቧንቧዎቹ ይተርፋል። ሱቁ ያልተፈታውን ጥቅል መልሶ ለወጠ፤ እያጉረመረመም ቢሆን።

ውሃው የተለቀቀ ቀን ሪባን አልነበረም፤ ባለሥልጣን ስላልሰማ። አሳየሽ አንደኛዋን ቧንቧ ከፈተች። ሁለተኛዋን። ሕዝቡ እልል አለ፤ ትርሐስ ግን ዓይኗን ከአንደኛዋ አልነቀለችም። አራተኛዋ ስትከፈት እጆቿን በብብቷ ሸጎጠች። አምስተኛዋ።

«ልክፈተው?» አለች አሳየሽ ስድስተኛዋን ይዛ።

«ክፈቺው።»

ስድስት ጀሪካን ባንድ ጊዜ ይሞላ ጀመር። አንደኛዋ ቧንቧ አልቀጠነችም። ትርሐስ ጎንበስ ብላ መዳፏን ከሥሯ አስገባች፤ ውሃው ገፋት። ጌታሁን ሹራቡን አወለቀ። አሳየሽ ወደ እኔ ዞር ብላ «አንተ ወረቀት የምታድለው፣ እስቲ አሁን እጃችንን እንዴት እንደምንታጠብ አሳየን» አለች።

ሄጄ ታጠብኩ።