ምሰሶው የበላው ዘጠኝ እጅ

ብረታ ብረት ወርክሾፑ ውስጥ «ሚሊሜትር» የሚሏት መሐንዲስ ነበረች። ስሙን ያወጡላት በያጆቹ ናቸው፤ ሻይ ስትቀዳ የአረፋውን ከፍታ ትለካለች እያሉ ያሟታል። የዲዛይን ክፍሉ ኃላፊ ጡረታ ሊወጣ ስለነበር ወንበሩ ለእሷ እንደሚሆን ዘበኛው ሳይቀር ያወራል። የቀራት አንድ ፈተና ብቻ ነው፦ ሞተር የሚያነሳው ማንጠልጠያ።

ማንጠልጠያው ቀላል ነው። መሬት ላይ የተተከለ ሦስት ሜትር ምሰሶ፣ ከጫፉ ወደ ጎን የወጣ አንድ ሜትር ክንድ፤ የሁለቱም ብረት አንድ ዓይነት። ሞተሩ ከክንዱ ጫፍ ይንጠለጠላል፤ ጫፉ ከአምስት ሚሊሜትር በላይ መውረድ የለበትም።

ሚሊሜትር ስሌቷን ይዛ ሥራ ወዳስተማራት አንጋፋ መሐንዲስ ሄደች። መካሪዋም መምህሯም እሱ ነበር፤ ከወንድሟ አስበልጣ ታምነዋለች።

«ጋሼ፣ ክብደቱ ሲወርድ የሚሠራው ሥራ ብረቱ ሲታጠፍ ከሚያምቀው ጉልበት ጋር እኩል ነው አይደል? ታዲያ የምሰሶውንም ልደምር። ክንዱ ከላይ እስከ ታች እኩል እያጣመመው ነው።»

«አይ እህቴ!» ሳቀ። «ምሰሶ ይጨመቃል እንጂ ይታጠፋል? የመጨመቁ ደግሞ ከቁጥር አይገባም። የክንዱን ብቻ ያዢ።»

የመጨመቁ ነገር እውነት ነበር፤ ያሳመናትም እሱ ነው። የክንዱን ብቻ ስትይዝ ሦስት ሚሊሜትር ወጣ። ፈረመች።

በፍተሻው ቀን ሠራተኛው ሁሉ ሠርግ እንደተጠራ ከብቦ ቆመ። ክብደቱ ቀስ ተብሎ ተሰቀለ። ጫፉ ቁልቁል ሄደ፣ ሄደ፤ አንዱ በያጅ «መሬት ሊሳለም ነው!» አለ። ሲለካ ሠላሳ ሚሊሜትር ሆነ።

ሥራ አስኪያጁ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «ማን ነው ይህን ያሰላው?»

ሚሊሜትር ወደ ጋሼ ዞረች። ጋሼ ጉሮሮውን ጠራረገና ጠመኔ አነሳ።

«ልጅቷ ምሰሶውን ረስታው ነው፣ ጌታዬ። ክንዱ ምሰሶውን ከላይ እስከ ታች እኩል ያጣምመዋል። በክንዱ ውስጥ የታመቀው ጉልበት አንድ እጅ ቢሆን፣ በምሰሶው ውስጥ ያለው ዘጠኝ እጅ ነው። ሲደመር አሥር፤ ለዚህ ነው ሦስቱ ሠላሳ የሆነው። ምሰሶውን ማወፈር ነው መፍትሔው።»

ቃል በቃል የእሷ ነበር፤ ዘጠኝ እጁን ግን እሷ አልነገረችውም። ቀድሞ አስልቶታል ማለት ነው።

«እንዲህ ያለ ሰው እያለ!» አለ ሥራ አስኪያጁ፤ ወንበሩም እዚያው ጋሼ እጅ ገባ። በያጆቹ አጨበጨቡ፤ ለምን እንደሚያጨበጭቡ ግን አንዱም አያውቅም።

ሰው ሲበተን ጋሼ ትከሻዋን መታ መታ አደረገ። «አትቀየሚኝ እንግዲህ። ከነገ ጀምሮ ስሌትሽን ለእኔ ታሳዪኛለሽ።»

«አሳይዎታለሁ» አለች፣ እጁን ከትከሻዋ ላይ እያነሳች። «ግን ብቻዎን ሲሆኑ አይደለም። በያጆቹም ሥራ አስኪያጁም ባሉበት ነው።»