ናና አባቢዮ ለልጅ ልጃቸው ስም ያወጡ ዕለት

ናና አባቢዮ በእኛ መንደር መረብ የሚጠግኑ ሽማግሌ ናቸው። በወጣትነታቸው ባሕር ይወጡ ነበር። ጉልበታቸው ሲከዳቸው ከኮኮናቱ ዛፎች ሥር፣ ታንኳዎቹ ከሚጎተቱበት አሸዋ አጠገብ ተቀምጠው የሰው መረብ መስፋት ያዙ። እኔ ጎረቤታቸው ነኝ፤ ዓሣ በጭስ አድርቄ እሸጣለሁ። ምድጃዎቼ ከተቀመጡበት እሳቸው ይታዩኛል፤ ሥራ ስንፈታም እናወራለን።

ናና ለሽማግሌ የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው፤ አባቢዮ የሚለው ስማቸው ደግሞ በእኛ በፋንቲዎች ቋንቋ «ተመልሶ የመጣ» ማለት ነው። እናታቸው ከእሳቸው በፊት ወንድ ልጅ ወልደው ሞቶባቸው ነበር። እሳቸው ሲወለዱ ያው ሟቹ ነው የተመለሰው ተባለ፤ ስሙም በዚያው ወጣ።

«እናቴ ስታጎርሰኝ እንኳ የምታየው እኔን አልነበረም» አሉኝ አንድ ቀን መረባቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው። «ትንሽ ካተኮሰኝ "ደግሞ ልትሄድብኝ ነው?" ትለኛለች። እኔ የት ሄጄ አውቃለሁ? የሄደው ሌላ ነው።»

ይህን ሲሉ አላዘኑም፤ እንደ ቀልድ ነው ያወሩት። እኔም ሳቅሁ።

ወንድ ልጃቸው አንድ ነበር፤ ኤቦ። ሳቂታ፣ ተጫዋች ልጅ። ሚስቱ አራባ እርጉዝ ሆና ሆዷ በገፋ ጊዜ፣ አንድ ምሽት ሁላችንም ደጅ ተቀምጠን ዶኮኖ የሚባለውን የበቆሎ ሊጥ ቅቅል በዓሣ እየበላን ሳለ፣

«ወንድ ከሆነ አባቢዮ ነው የምለው» አለ ኤቦ። «አንድ አባት አልበቃኝም፤ ሁለት ይሁንልኝ።»

«ሌላ ስም ጠፋብህ?» አሉ ናና።

«ምነው፣ ስምህን ሰሰትከው?»

«ልጁ የራሱ ይኑረው ብዬ ነው።»

«እሺ፣ ሴት ከሆነች ምርጫው ያንተ ነው። ወንድ ከሆነ የኔ» አለና የአባቱን ዓሣ ከሳህኑ አንስቶ ጎረሰ። አራባ እጁን መታችው።

ዝናቡ በገባ ሰሞን የኤቦ ታንኳ አልተመለሰችም። ከተሳፋሪዎቹ አንዳንዶቹን ባሕሩ ከወደ ምሥራቅ ተፋቸው። ኤቦን ግን አልተፋውም። የሌሎቹ ቤተ ሰቦች ቀበሩ፤ አስከሬን ያላገኙትም ቢሆኑ ለሙታን አረቄ አፍስሰው፣ የልጃቸውን ስም ጠርተው፣ ጥቁር ለበሱ። አራባ ግን እምቢ አለች። መርከብ አንሥቶት ይሆናል፣ ሩቅ አገር ወደብ አውርዶት ይሆናል አለች። እንዲህ ሆኖ የተመለሰ ሰው በአባቶቻችን ዘመን ነበረ ይባላል። ናና አባቢዮ አዎንም አይደለምንም አላሉም። መረባቸውን ይሰፋሉ።

ልጁ ረቡዕ ተወለደ። ወንድ ነው።

እኛ ዘንድ ሕፃን ስምንት ቀን እስኪሞላው እንግዳ ነው። ሊቆይም ሊሄድም ይችላል፤ ስለዚህ ከቤት አይወጣም፣ ስምም የለውም። በስምንተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ የአባቱ ወገኖች ወደ እናቱ ቤት ሄደው ያወጡታል። ስም የሚሰጠው አባት ነው፤ ነፍሱን የሚያጸናለት የአባት ስም ነውና። አባት ከሌለ የአባት አባት ይሰጣል። ማንም መጥቶ ስም ያልሰጠው ልጅ ዕድሜ ልኩን «አባትህ ማነው?» ሲባል ይኖራል።

የስሙ ቀን ሲቃረብ የናና ታላቅ ወንድም ኤጂያ አታ መጡ። የቤተ ሰቡ አፈ ጉባኤ እሳቸው ናቸው፤ በሠርጉም በለቅሶውም የሚናገሩት እሳቸው።

«አንቶባም እንለዋለን» አሉ ገና ሳይቀመጡ። አንቶባም አባቱ ከሞተ በኋላ ለተወለደ የሚሰጥ ስም ነው። «መንደሩ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ምን እንደብቃለን?»

«አባቱ ስም ሰጥቶት ነው የሄደው» አሉ ናና።

«እሺ፣ አባቢዮ ይሁን። አረቄው ሲፈስስ ግን ኤቦ መጠራት አለበት።»

ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነበር። ስም ከመሰጠቱ በፊት አረቄ መሬት ላይ ይፈስሳል፤ ሙታን አንድ በአንድ በስማቸው እየተጠሩ «ኑና ጠጡ» ይባላሉ። በሕይወት ያለ ሰው ስም እዚያ አይገባም። አንድ ጊዜ ከተጠራ ሰውየው ሞቷል ማለት ነው።

የናና ሚስት ማሜ ኤሲ በር ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። «ጥራው» አሉ። «ሌሎቹ ጓደኞቹ ተጠርተው ገብተዋል። የኔ ልጅ ብቻውን ደጅ ቆሞ ይሆናል። ልጁ ስም ሲወጣለት በጥም ቆሞ ይይ?»

ናና በማግስቱ ሕፃኑ ወዳለበት ቤት ሄዱ። እኔም ለአራባ ሾርባ ይዤ አብሬያቸው ሄድሁ። አራባ ሕፃኑን እያጠባች ነበር።

«ናና፣ አረቄውን የሚያፈሱት እርስዎ ይሁኑ» አለቻቸው። «ኤጂያ አታ እንዳይሆኑ። እርስዎ አይጠሩትም።»

«እኔ አፈሳለሁ» አሉ።

«አልጠራውም ይበሉኝ።»

«እኔ አፈሳለሁ አልኩሽ እኮ ልጄ።»

እሷ ይህን እንደ ቃል ኪዳን ያዘችው። እኔም እንደዚያው መስሎኝ ነበር።

ረቡዕ ጎህ ሳይቀድ ነጭ ለብሰን ሄድን። የናና ወገን ለልጁ ልብስ፣ ሳሙና፣ የእጅ አምባር፣ ወንድ ስለሆነም ገጀራ ይዟል። በግቢው መካከል ሁለት ብርጭቆ ተቀመጠ፤ በአንዱ ውሃ፣ በአንዱ አረቄ። የአራባ እናት ሕፃኑን ራቁቱን አውጥተው ከናና ጭን ላይ አስተኙት፤ ሰማይ ሲያይ የመጀመሪያው ነው። በብርዱ አለቀሰ። ሴቶቹ «ድምፁ አለ፣ ድምፁ አለ» ተባባሉ።

ናና ልጁን ለሚስታቸው ሰጥተው ተነሡ። ነጠላ ጫማቸውን አወለቁ፤ ለሙታን የሚናገር ሰው ባዶ እግሩን ነው የሚቆመው። ከብርጭቆው ጥቂት ጥቂት መሬት ላይ ጠብ እያደረጉ ጀመሩ። በየመሀሉ ኤጂያ አታ «ይሁን» ይላሉ።

«አባቴ ኮፊ አሞኖ፣ አረቄ ይኸውና ና ጠጣ። እናቴ አባ ኩማ፣ ነይ ጠጪ። በእኔ ተመለሰ የተባልከው ወንድሜ፣ ስምህን አላውቀውም፤ አንተም ና ጠጣ።»

ይሄኛው ከዚያ በፊት ተጠርቶ አያውቅም። ኤጂያ አታ «ይሁን» ማለቱን ረስተው ወንድማቸውን አዩአቸው።

ብርጭቆው ውስጥ ጥቂት ቀርቶ ነበር። ናና ብርጭቆውን እንደያዙ ቆሙ። አራባ በር ላይ፣ በእናቷ ትከሻ በኩል ትመለከታቸዋለች። ባሕሩ ይሰማል።

«ኤቦ» አሉ ናና። «ልጄ። ካለህ ይቅር በለኝ። ከሌለህ ደጅ አትቁም፤ ና ጠጣ።»

የቀረውን አፈሰሱት። ኤጂያ አታ «ይሁን» አሉ፤ ሕዝቡም ተከትሎ «ይሁን» አለ። ማሜ ኤሲ ሕፃኑን እንዳቀፉ ማልቀስ ጀመሩ። አራባ አላለቀሰችም፤ ወደ ውስጥ ገባች፤ በሩ ባዶ ሆነ።

ሥርዓቱ አይቋረጥም። ናና ተቀምጠው ሕፃኑን ተቀበሉና መናገር ጀመሩ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ እኔ ቅርብ ስለነበርሁ ሁሉንም ሰምቻለሁ።

«እንግዳ ሆይ፣ ስምንት ቀን ከእኛ ጋር አደርክ። ያደረ ሰው የቤት ሰው ነው። ረቡዕ ስለመጣህ ኩዌኩ የሚለውን የዕለቱን ስም ይዘኸው መጣህ፤ እሱን እኛ አልሰጠንህም። እኛ የምንሰጥህ አባቢዮ ነው። የመረጠው አባትህ ነው፤ በአፉ ሲናገረው ሰምተናል። ስሙ የእኔ ነው። ሰው ስለ ራሱ መናገር ያሳፍረዋል፤ ግን የባለቤቱ ጠባይ ሳይነገር ስም አይሰጥም። አባቢዮ መረብ ጠጋኝ ነው። የሰጡትን መረብ ሳይጨርስ አልመለሰም። ያላየውን አየሁ አይልም። ከዚህ ሌላ የሚወረስ ነገር የለውም።»

«ይበቃል፤ ያምራል» አሉ ኤጂያ አታ በቀስታ።

«አልጨረስኩም። ስሙ ተመልሶ የመጣ ማለት ነው። እኔን ሲሰይሙኝ ሌላ ሰው ነህ አሉኝ። አልነበርኩም። አንተም ሌላ ሰው አይደለህም። ማንንም ልትመልስልን አልመጣህም፤ ማንም ይህን አይጠይቅህ።»

ጣታቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው ምላሱን አስነኩት፤ «ውሃ ነው ስትል ውሃ ይሁን» አሉ። ከዚያ አረቄውን፤ «አረቄ ነው ስትል አረቄ ይሁን።» ሦስት ጊዜ ደጋገሙት። ውሃና አረቄን የሚለይ አንደበት ሐሰትና እውነትን ይለያል ማለት ነው። ልጁ በአረቄው ፊቱን መራራ መድኃኒት እንዳጠጡት አኮማተረ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ።

በዚያ ሳቅ ውስጥ ነው አንዷ አሮጊት የተናገረችው። «አሁን ተጠራ፤ አሁን መጣ! እዩት፣ የኤቦ ግንባር አይደለም እንዴ?»

ነገሩ ካንዱ ወዳንዱ ተቀጣጠለ። አባትየው ተጠርቶ ጠጣ፤ ወዲያው «ተመልሶ የመጣ» የሚል ስም ተሰጠ፤ ሰው ምን ይበል? የናናን ንግግር ማን ሰማው? ሴቶቹ ሕፃኑን እየተቀባበሉ «እንኳን በደህና መጣህ ኤቦ» ይሉት ጀመር። አንዷ በበሩ በኩል ወደ ውስጥ ተጣራች።

«አራባ፣ ነይ ውጪ እንጂ! ባልሽ ጥርሱን ጥሎ መጣልሽ!»

አራባ ወጣች። ማንንም ሳታይ ልጁን ከሴትየዋ እጅ ወሰደችና ናና ፊት ቆመች።

«እርስዎን አምኜ ነበር» አለቻቸው።

«ልጄ፣ ደጅ ቆሞ ከሆነስ?»

«ባሕር ላይ ከሆነስ? አንድ እንጨት ይዞ ከሆነስ?»

ልጁን ይዛ ወደ ውስጥ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር እንደ ሥርዓቱ ሄደ። ባሏ ተጠርቷልና ጥቁር አለበሷት፤ የመበለትነት ዓመቷን ጨረሰች። ማሜ ኤሲ በየቀኑ እየሄዱ ልጁን ያቅፉታል፤ ኤቦ እያሉ ይጠሩታል፤ ባሕሩ ውስጥ ምን እንደደረሰበት ይጠይቁታል። አራባ «ኩዌኩ ነው» ትላለች፤ እሳቸው አይሰሟትም። ናና አንድ ጊዜ «ተዪው፤ እሱ አይደለም» ቢሏቸው፣ «አንተ አይደል ወይ የጠራኸው?» አሏቸው።

ዓመቱ እንደሞላ አራባ ልጇን አዝላ ታኮራዲ ከተማ ወዳለችው አክስቷ ሄደች። እኔ ለንግድ ስሄድ አገኛታለሁ። ናና ሁልጊዜ የደረቀ ዓሣ ይሰጡኛል፤ እሷ ትቀበላለች፤ መልእክት ግን አትልክም። ባለፈው ስመለስ ከኮኮናቱ ሥር አገኘኋቸውና ልጁ እዚያ ኩዌኩ ብቻ እየተባለ እንደሚጠራ፣ ሌላ ስም እንዳለውም እንደማይነገረው አወራኋቸው። ይከፋቸዋል ብዬ ፈርቼ ነበር።

«አባቢዮ አይሉትም?»

«ማንም አይለውም።»

«ጥሩ አደረገች» አሉ። ቀጥለው፣ «ይራመዳል?» አሉኝ።

«ይሮጣል እንጂ ናና።»

ኤቦ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ለሌሎች ልጆች ስም እንዲያወጡ ሲለምኗቸው ናና ጉሮሮዬን ያመኛል ይላሉ፤ ሰዎቹም ወደ ኤጂያ አታ ይሄዳሉ።