ሦስተኛው ካርድ

የሕክምና ተማሪ የሆነችው ልጄ የፓቶሎጂ ፈተናዋ ደርሶ ስለነበር፣ ከመምህሯ የተሰጣትን ጽሑፍ ሞያሌ በሚገኘው ቤታችን በረንዳ ላይ ወደ ጥያቄና መልስ ካርዶች እንለውጥ ነበር። በአንዱ ካርድ ፊት «ካንሰር የገባበት የአንገት ዕጢ ሲዳሰስ ብዙውን ጊዜ ምን ይመስላል?» ብዬ፣ በጀርባው ሦስት ምልክቶችን ጻፍሁ።

«አባዬ፣ ይሄ ካርድ ነው ወይስ የከብት መኪና? ሁሉን ጫንክበት!» አለችኝ። «ሁለቱን አስታውሼ አንዱን ብረሳ ያወቅሁ ይመስለኛል። ለየብቻ ጻፈው።»

አንገቴ ላይ የጠመጠምሁትን ፎጣ ጠበቅ አደረግሁ። ከሥሩ ለወራት የደበቅሁት እብጠት ነበር። ምልክቶቹ በአንድ ካርድ ላይ ሳሉ «ሁሉም በእኔ ላይ የሉም» እያልሁ ልሸሽ እችል ነበር። ሦስት ካርዶች ላይ ስለያያቸው ግን መሸሻ አጣሁ።

እንደ ጨዋታ እኔን መጠየቅ ጀመረች።

«ጥንካሬው?»

«እንደ ድንጋይ።»

«ሲነኩት ያማል?»

«አያምም።»

«ሲገፉት ከቦታው ይንቀሳቀሳል?»

«አይንቀሳቀስም» ብዬ መልሱን የጻፍሁት እኔው ነኝ። የራሴን እብጠት ግን ገፍቼ ለማየት አንድም ቀን አልደፈርሁም። እጄ ወደ ፎጣዬ ሲሄድ ካርዱን አስቀምጣ አየችኝ።

ፎጣዬን ፈታሁና እጇን ይዤ አንገቴ ላይ አኖርሁት።

«ይህን አላውቀውም፤ አንቺ ንገሪኝ» አልኋት።